ሁለት የሪፈር ደብዳቤ ለአንዲት ታካሚ፦ ከጎንደር የተመዘገበ ጉዳይ

## ለምን ጻፍኩት

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሥነ ምግብ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ለአንዲት እናት ሁለት ጊዜ የሪፈር ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ምንም አልፈየደም። ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒታቸውን አስቀይሮ አልጋ አሰጣቸው። ታካሚዋም ሐኪሙም ያው ነበሩ። የተለየው ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው።

የእኔ ሥራ ድንበር አለው። መድኃኒት ማዘዝም ማቆምም አልችልም። የምግቡ ችግር ከመድኃኒት ወይም ከሌላ በሽታ የመጣ ሲመስለኝ በእጄ ያለው መሣሪያ ደብዳቤ ነው። እሱን ካበላሸሁት ታካሚው አጥሚት እየጠጣ ይከሳል። የሰዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

## ታካሚዋ

61 ዓመታቸው ነው። የደምቢያ ሰው ናቸው፤ አሁን አዘዞ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስኳር ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ደም ግፊትም አለባቸው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ልጃቸው ደግፋ ይዛቸው መጣች። ቀሚሳቸውን በመቀነት ሁለት ዙር አጥብቀውታል።

ክብደታቸው 39 ኪሎ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ57 ነው። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቢኤምአይ 15.8 ይሆናል። የክትትል ካርዳቸው ላይ ከስድስት ወር በፊት 48 ኪሎ ተጽፏል። ዘጠኝ ኪሎ ማለት ከሰውነታቸው ወደ 19 በመቶ ገደማ ነው።

«ምን ይበላሉ?» ስላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ሦስት ጉርሻ ከበላሁ ይበቃኛል። አፌ ብረት ብረት ይለኛል» አሉኝ። ልጃቸው ቀጠለች። ሁዳዴን ሙሉውን እስከ 9 ሰዓት ጾመዋል። የሚበሉትም ከሽሮና ከዳጉሳ እንጀራ አያልፍም ነበር። ተቅማጡን ያነሳችው ልትወጣ ስትል ነው፣ ያውም በሹክሹክታ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያስቀምጣቸዋል። እናትየው ያፍራሉ።

## የመጀመሪያው ደብዳቤ

እኛ ጋ የሕክምና ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ወደ አማርኛ ስመልሰው የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ይህን ይላል፦

«ታካሚዋ በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ይገኛሉ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። አስፈላጊው የላብራቶሪ ምርመራ፣ አልቡሚንን ጨምሮ፣ እንዲደረግላቸውና መድኃኒታቸው እንዲታይላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ያኔ ጥሩ ደብዳቤ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ የጠየቅኩትን በትክክል አደረገ። የደም ምርመራ፣ የስኳር አማካይና አልቡሚን አዘዘ። በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ 2.9 ሆኖ ዝቅ ብሎ መጣ። መልቲ ቫይታሚን ጽፎ «መድኃኒቱ ይቀጥል፤ ኃይል ሰጪ ምግብ ይስጣቸው» ብሎ መለሰልኝ። አልፈርድበትም። በዚያ ወረቀት ላይ እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ ነገር አላደርግም ነበር።

አልቡሚንን መጠየቄ የቆየ ልማድ ነው። ስንማር የምግብ እጥረት መለኪያ ተብሎ ይጠቀስ ነበር። አሁን በደንብ የታወቀው ግን አልቡሚን በኢንፌክሽንና በብግነት ጊዜ እንደሚወርድ ነው። ምግብ ብቻ ያጣ ሰው አልቡሚኑ ደህና ሊሆን ይችላል። የምግብ እጥረቱን የነገረን ሚዛኑና የስድስት ወሩ ካርድ ነው። ለዚያ የላብራቶሪ ማረጋገጫ አያስፈልገኝም ነበር።

## ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሲመለሱ 38 ኪሎ ሆነዋል፤ ቢኤምአይ 15.4። የነገርኳቸውን እንቁላልና ወተት ሞክረው አቅለሽልሿቸዋል። በዚያን ቀን ደግሞ ደም ሊወሰድ ይችላል ብለው ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡት። መድኃኒቱን ግን ውጠዋል።

ወንበሩ ላይ ሆነው ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ይጠርጋሉ። ክፍሉ አይሞቅም። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። በጣት ስለካ ስኳራቸው 68 ሆኖ አገኘሁት። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ 101 ደረሰ።

ልጅቷ ምንም አልደነገጠችም። «ሌሊትም እንዲህ ያደርጋታል፤ ስኳር በጥብጬ አጠጣታለሁ» አለችኝ። ስንት ጊዜ? «በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ።» መጀመሪያ ሲመጡ ይህን አልጠየቅኩም ነበር።

«መድኃኒቷን ይዘሽ መጥተሻል?» አልኳት። ከቦርሳዋ ጥቁር ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ካርዱ ላይ ያለውና ፌስታሉ ውስጥ ያለው አንድ አይደለም።

ከክትትል ክሊኒኩ የሚሰጣቸው ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም አለ፤ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ፍሬ። አጠገቡ ደግሞ ሌላ ስም በትልቁ የተጻፈበት ካርቶን አለ። መድኃኒት ቤት «ለስኳር ጥሩ ነው» ተብለው የገዙት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ አንድ ይውጣሉ። ካርቶኑን አዙሬ ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነበው ሜትፎርሚን 850 ይላል። በቀን በድምሩ 2850 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ለሙሉ አካል ሰው እንኳ ጣሪያው አካባቢ የሚባል መጠን ነው፤ 38 ኪሎ ለሆነች እናት ደግሞ አስቡት።

ለስኳሩ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራምም ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ለግፊቱ የሚያሸና መድኃኒት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25። ኦሜፕራዞል 20 በቀን ሁለቴ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጨጓራ ብለዋቸው የተጀመረ ነው፣ ማንም አቁሙ አላላቸውም። በሁዳዴም የጠዋቱን ሁሉ 1 ሰዓት ላይ ውጠው ምግብ 9 ሰዓት ይቀምሱ ነበር።

## ሁለተኛው ደብዳቤ

በዚያው ሰዓት ተቀምጬ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። ዋናውን ክፍል ልተርጉመው፦

«ዛሬ እንዲታዩልኝ የምጠይቅበት ምክንያት፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ስኳር 68፣ ከላብና ከመንቀጥቀጥ ጋር። ሌሊትም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ምልክት አለ።

የምግብ ሁኔታ፦ ክብደት 38 ኪሎ፣ ቢኤምአይ 15.4፣ በስድስት ወር ከ20 በመቶ በላይ ቅናሽ። የሚበሉት ከሚያስፈልጋቸው ከሩብ አይበልጥም። ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ የብረት ጣዕም፣ የእግር መደንዘዝ አለ። ምግብ ሲጀመር ለሪፊዲንግ ሲንድረም ከፍተኛ ተጋላጭ ናቸው።

በእርግጥ የሚወስዱት መድኃኒት (ማሸጊያው ታይቶ)፦ ...»

እዚህ ላይ ከፌስታሉ የወጣውን ከነመጠኑና ከነሰዓቱ ዘረዘርኩ። ከዚያ ቀጥሎ የላብራቶሪው ጥያቄ መጣ፣ እያንዳንዱ ከነምክንያቱ፦

«ዛሬ፣ ምግብ ከመጨመሬ በፊት፦ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፌት፣ ሶዲየም፣ ክሪያቲኒን። ተቅማጥ፣ የሚያሸና መድኃኒትና ረጅም ጊዜ የተወሰደ ኦሜፕራዞል አንድ ላይ አሉ።

በዚህ ሳምንት፦ የደም ሴል ቆጠራ ከቀይ ሴል መጠን ጋር እና ቢ12፤ ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ለዓመታት፣ ከእግር መደንዘዝ ጋር። የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የታይሮይድና የሰገራ ምርመራ፣ እንዲሁም ሲአርፒ፤ ክሳቱ ሌላ ምክንያት እንዳለው ለማየት።»

ቀጥሎ የመድኃኒት ጥያቄዎቼን አሰፈርኩ። ‘ይቁም’ አላልኩም፤ ጠየቅኩ። በዚህ አበላል ግሊቤንክላማይድ ይቀጥላል ወይ? ሜትፎርሚን በሁለት ስም እየተወሰደ ነው፤ ማቆም ይቻላል ወይ? ግፊታቸው ዛሬ 104 በ62 ነው፤ የሚያሸናው መድኃኒት አሁንም ያስፈልጋል ወይ? ኦሜፕራዞል የተጀመረበት ምክንያት አሁንም አለ ወይ?

መጨረሻ ላይ የራሴን ዕቅድ አስቀመጥኩ፦ «ታያሚን ከታዘዘልኝ በኋላ በኪሎ 10 ኪሎ ካሎሪ እጀምራለሁ። የፖታሲየምና የፎስፌት ውጤት ሳላይ አልጨምርም።» ስልኬን ጻፍኩና ወረቀቱን ይዤ ራሴ ሄድኩ።

ሐኪሙ ቆሞ አነበበው። ፌስታሉንም ጠየቀኝና አየው። «የፊተኛው ደብዳቤሽ ሰላምታ ነበር፤ ይሄ ሥራ ሰጠኝ» አለኝ። ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን እውነቱን ነው።

## ምን ተደረገ

ግሊቤንክላማይድ በዚያው ሰዓት ቆመ። ይህ መድኃኒት ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል፤ ሰውየው በላም አልበላም ይገፋል። ውጤቱ እስከ 24 ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋት የተዋጠው ሌሊት ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ቤት አልመለሳቸውም፣ አልጋ ሰጣቸው። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው ሜትፎርሚንና የሚያሸናው መድኃኒትም ቆሙ። ኦሜፕራዞል ወደ ቀን አንድ ወረደ።

በአንድ ነገር አልተስማማንም። እኔ ሜትፎርሚኑ በሙሉ እንዲቆም ፈልጌ ነበር። እሱ በቀን ሁለቴ 500 አስቀረው። «ስኳሩ ከወጣ የሰጠሻቸውን ካሎሪ በሽንት ነው የሚያፈሱት» አለኝ። ትክክል ነበር። መጠኑ ሲቀንስ ተቅማጡ በአምስት ቀን ውስጥ ቆመ፤ የብረቱ ጣዕምም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጾም ስኳራቸው 160 አካባቢ ነበር። ሙሉ በሙሉ ቆሞ ቢሆን የት ይደርስ እንደነበር እንጃ።

መጠኑን እንዲቀንስ ያደረገው ሌላም ነገር አለ። ክሪያቲኒናቸው 0.9 መጣ። ወረቀቱ ላይ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩም የኩላሊት ሥራቸውን 73 አለው። ክሪያቲኒን ግን ከጡንቻ ነው የሚመነጨው። ጡንቻው ያለቀ ሰው ኩላሊቱ ቢደክምም ክሪያቲኒኑ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሐኪሙ ክብደትን በሚያስገባው በድሮው ቀመር ሲያሰላው 39 ወጣ። እውነቱ በሁለቱ መሐል ሊሆን ይችላል። ለመድኃኒት መጠን ግን የትኛውን ይዞ መጠንቀቅ እንደሚሻል ግልጽ ነው።

## ደሙ ያሳሳተን ቀን

የእኛ ላብራቶሪ በዚያ ሳምንት የፎስፌትና የማግኒዚየም መመርመሪያ ኬሚካል አልነበረውም። ልጅቷ ቱቦውን ይዛ በባጃጅ ፒያሳ ወደሚገኝ የግል ላብራቶሪ ሄደች። ወረፋ ነበር፣ ፀሐይም ነበር። ማታ ላይ ፖታሲየም 4.6፣ ፎስፌት 3.9 የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ከወረቀቱ ግርጌ በእጅ «ናሙናው ቀልቷል» የሚል ማስታወሻ አለ። ቀይ ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ፈርሰው ሴረሙ ቀይ ሆኗል ማለት ነው። ፖታሲየምና ፎስፌት በብዛት የሚቀመጡት ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ ሲፈርስ ወይም ደሙ ሳይለይ ብዙ ሲቆይ ወደ ሴረሙ ይወጣሉ። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር ደህና መስሎ ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቀምጠው የከረመ ሰው፣ ያውም የሚያሸና መድኃኒት እየወሰደ፣ ፖታሲየሙ 4.6 ሲሆን ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ እንደገና ተቀዳ። ደሙ በእኛው ላብራቶሪ ተለይቶ ሴረሙ ብቻ ተላከ። ፖታሲየም 3.0፣ ማግኒዚየም 1.3፣ ፎስፌት 2.4 ሆነ። ሦስቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። ማግኒዚየሙ እዚህ ወሳኝ ነበር፤ እሱ ሳይስተካከል ፖታሲየም ቢሰጡትም በሽንት ይወጣል። ሐኪሙ ሁለቱንም አንድ ላይ ጀመረ።

## ምግቡ

ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ 100 ሚሊ ግራም ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ተሰጠ። የመጀመሪያው ቀን 400 ኪሎ ካሎሪ ብቻ፣ በስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ፤ ቀጭን የአጃ አጥሚት በወተት። ልጅቷ ተናደደችብኝ። «በረሃብ ልትገድሏት ነው?» አለች። እውነትም ለዓይን የሚያስጠላ መጠን ነው።

ምክንያቱን፣ ደብዳቤው ላይ ሪፊዲንግ ሲንድረም ያልኩትን፣ እንዲህ ነገርኳት። ለወራት ያልበላ ሰው ሴሎቹ ፎስፌትና ፖታሲየም ጎድሏቸዋል። ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳና በደም ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ነገር ጠርጎ ወደ ሴል ያስገባታል። ደሙ ባዶ ይቀራል። ያኔ ልብ ይዛባል፣ ትንፋሽ ይደክማል። አልፎ አልፎ ሰው የሚሞተው እየተራበ ሳይሆን መብላት በጀመረ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ፎስፌቱ 1.9 ወረደ። ምግቡን አልጨመርኩም፣ አላቆምኩምም፤ ባለበት አንድ ቀን አቆየሁት። የሚዋጥ ፎስፌት ከተማው ውስጥ አላገኘንም። ወተት በፎስፌት የበለፀገ ስለሆነ ከአጥሚቱ ውሃውን ቀንሰን ወተቱን አበዛን። በአምስተኛው ቀን 2.6 ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው እንቁላልና ሽሮ የጨመርኩት። በሰባተኛው ቀን በኪሎ 30 ኪሎ ካሎሪ ደርሰው ወጡ።

የቀረው ውጤት ቀስ እያለ መጣ። ቲቢም ኤችአይቪም የለም፣ ታይሮይድ ደህና ነው፣ ሰገራቸውም ንጹሕ ነው። ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ ከፍ ያለ ነበር፤ የሽንት ኢንፌክሽን ተገኝቶ ታከመ። አልቡሚኑን ካወረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሄሞግሎቢን 10.4፣ ቀይ ሴሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቢ12 በአሥር ቀኑ 148 ሆኖ ደረሰ፤ ዝቅተኛ ነው። መርፌው ተጀመረ።

ያልሠራም አለ። ኦሜፕራዞሉን በወሩ ሙሉ በሙሉ ለማቆም ሞክረን ቃሩ ተመለሰባቸው። አሁን በቀን አንድ ላይ ናቸው። የእግራቸው መደንዘዝ ብዙም አልተለወጠም። ከፊሉ የስኳሩ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ያ በቢ12 አይመለስም።

## ደብዳቤ አጻጻፌ ላይ የተለወጠው

ከዚያ ወዲህ መድኃኒትን ከካርድ አልገለብጥም። ፌስታሉ ሳይመጣ ደብዳቤ አልጽፍም፤ የግድ ከሆነም «ማሸጊያው አልታየም» ብዬ እጽፋለሁ። እያንዳንዱን ፍሬ በስንት ሰዓት እንደሚውጡና ከዚያ በኋላ በስንት ሰዓት እንደሚበሉ እጠይቃለሁ። በጾም ወቅት ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ይነግረኛል።

ምርመራ ስጠይቅ ከጎኑ ምክንያቱንና ውጤቱ ምን እንደሚያስቀይረኝ እጽፋለሁ። ምንም የማያስቀይረኝ ከሆነ አልጠይቅም። አልቡሚን ከዝርዝሬ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ለታካሚው ኪስም ያግዛል፤ ቢ12 እኛ ጋ ርካሽ አይደለም። «ዛሬ» እና «በዚህ ሳምንት» የሚለውን መለየትም ጠቅሞኛል። አሥር ምርመራ በአንድ መስመር የደረሰው ሐኪም ቀድሞ የሚያዘው የለመደውን ነው።

መድኃኒት ላይ ያየሁትን ምልክት ከመድኃኒቱ ስም ጎን አስቀምጬ ጥያቄውን ለሐኪሙ እተዋለሁ። ‘ይቁም’ ብዬ ጽፌ ቢሆን ስለ ሜትፎርሚኑ ያለኝን ስህተት ትእዛዝ አስመስዬው ነበር። ናሙና ውጭ ሲላክ ደግሞ «ተለይቶ ይላክ» የሚል ቃል ጨምሬያለሁ።

## አሁን

በአሥረኛው ሳምንት 43.2 ኪሎ ሆነዋል። ቢኤምአይ 17.5 ነው፤ ገና ይቀራል። ሌሊት የሚያልባቸው ቆሟል። መቀነቱን አንድ ዙር ፈትተውታል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር አሳስቧቸው ነበር። «ፍልሰታ ደረሰ። ሳልጾም ላሳልፍ ነው?» አሉኝ። ይህ የእኔም የሐኪሙም ጥያቄ አይደለም አልኳቸው። እሳቸውም «እንግዲያው ለንስሐ አባቴ ጻፊልኝ» አሉ። ክብደታቸውን፣ መድኃኒታቸውን ከምግብ ጋር መውሰድ እንዳለባቸውና ወተቱ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው በአራት መስመር ጻፍኩላቸው። አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከሦስቱ ደብዳቤዎች በአማርኛ የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው።